የተመሳሳይነት መቁረጫ ነጥብ፦ ሁለት የአቅራቢ ስሞች አንድ የሚባሉት መቼ ነው?

ሁለት ስሞች ምን ያህል ሲመሳሰሉ የአንድ ድርጅት ናቸው ብለን እንደምንቀበል የሚወስነው ልክ በእንግሊዝኛው አጠራር «ሲሚላሪቲ ትሬሽሆልድ» ይባላል። በአማርኛ «የተመሳሳይነት መቁረጫ ነጥብ» ብንለው ይስማማል፤ ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጋር ተያይዞ «መቁረጫ ነጥብ» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ቃሉ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው። ፋይናንስ ክፍሉ የዓመቱ ግዥ የተመዘገበበት የኤክሴል ፋይል አለው፤ ግዥ ክፍሉ ደግሞ የአቅራቢዎች መዝገብ አለው። ለእያንዳንዱ አቅራቢ ስንት እንደተከፈለ ለማወቅ ሁለቱን ማዛመድ ግድ ነው። በሁለቱም ፋይል የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካለ ሥራው በዚያው ያልቃል፤ ኤክሴል ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ጥሎ ከሆነ ብቻ ቁጥሩን ወደ 10 አሃዝ መመለስ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው በግዥ ፋይሉ ላይ ከስም በቀር ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው።

በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ የስም ጥንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ከታወቁት ስሌቶች አንዱ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው፤ አንዱን ስም ወደ ሌላው ለመለወጥ በትንሹ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንዳለበት ይቆጥራል። ቁጥሩን ለረጅሙ ስም የፊደል ብዛት አካፍለን ከ1 ስንቀንሰው የተመሳሳይነት ነጥቡ ይወጣል። ፍጹም አንድ የሆኑ ስሞች 1 ያገኛሉ፤ ምንም የማይገናኙት ወደ 0 ይጠጋሉ።

ለማሳያ በፈጠርናቸው ስሞች እንየው። በመዝገቡ ላይ «ሰላም የጽህፈት መሳሪያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር» አለ። በግዥ ፋይሉ ላይ «ሰናይ የጽህፈት መሳሪያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር» ተጽፏል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። ሆኖም ክፍተቱን ጨምሮ ከ35 ፊደል የሚለያዩት በ2 ብቻ ስለሆነ ነጥባቸው 0.94 ነው። የማህበሩን ዓይነት የሚገልጸውን ጭራ ብንቆርጠው እንኳ ከ14 ፊደል በ2 ስለሚለያዩ 0.86 ያገኛሉ። በሌላ በኩል ሒሳብ ሠራተኛው «ሰላም የጽ/መሳሪያ» ብሎ በአጭሩ ያስገባው ያው መዝገቡ ላይ ያለው ድርጅት ነው፤ ጭራው ከተቆረጠው ስም ጋር ሲነጻጸር ግን 0.71 ብቻ ያገኛል። ባዕዱ ከባለቤቱ በለጠ ማለት ነው። መቁረጫ ነጥቡን 0.80 ብናደርገው ስህተቱ ይገባል፣ ትክክሉ ይወድቃል፤ ከፍ ዝቅ ብናደርገውም ሁለቱን በትክክል የሚለይ ቁጥር የለም።

ስለዚህ ነጥብ ከመምረጥ በፊት ስሞቹ ይጸዳሉ። የማህበሩ ዓይነት፣ በሙሉ ቢጻፍም «ኃ.የተ.የግ.ማ» ተብሎ ቢያጥርም፣ ከስሙ ይወጣል። በሰፊው የሚታወቁት አህጽሮቶች ይዘረዘራሉ፤ ያኔ «የጽ/መሳሪያ» ወደ «የጽህፈት መሳሪያ» ተመልሶ ከላይ ያለው ጥንድ 1 ያገኛል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች፣ ማለትም ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ወደ አንድ ይጠቃለላሉ። ይህን መዝለል በአማርኛ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንድ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለሚይዝ ስሞቻችን በፊደል ቁጥር አጭር ናቸው። «ሰላም» እና «ሠላም» ለኮምፒውተሩ 0.67 ብቻ ይመሳሰላሉ። በመጨረሻም መጠሪያ ስሙ ከሥራ ዘርፉ ተለይቶ ይነጻጸራል። «ሰላም» እና «ሰናይ» ብቻቸውን ሲቆሙ ነጥባቸው ወደ 0.33 ይወርዳል። ዘርፉ ግን አይጣልም፤ የጽህፈት መሳሪያ የሚሸጠው ሰላም እና የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው ሰላም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከጸዳ በኋላ መቁረጫ ነጥቡ የሚገኘው በናሙና ነው። በግዥ ፋይሉ 1,000 የተለያዩ ስሞች አሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ከመዝገቡ በጣም የሚቀርበውን ስም እንይዝና ጥንዶቹን በነጥባቸው እንከፋፍላለን። ከየእርከኑ 50 ጥንድ በዕጣ አውጥተን በደረሰኝ፣ በስልክ ወይም በአድራሻ እናጣራለን። ውጤቱ ይህን ይመስላል እንበል፦

- 0.95 እና ከዚያ በላይ፦ 520 ጥንድ፤ ከ50ው 50 ትክክል
- ከ0.90 እስከ 0.95፦ 140 ጥንድ፤ ከ50ው 46 ትክክል
- ከ0.80 እስከ 0.90፦ 120 ጥንድ፤ ከ50ው 30 ትክክል
- ከ0.70 እስከ 0.80፦ 90 ጥንድ፤ ከ50ው 10 ትክክል
- ከ0.70 በታች፦ 130 ጥንድ፤ ከ50ው 1 ትክክል

ናሙናውን በየእርከኑ ብዛት ስናሰፋው በጠቅላላው 742 ያህል ትክክለኛ ጥንዶች እንዳሉ እንገምታለን። መቁረጫው 0.90 ከሆነ 660 ጥንድ እንቀበላለን፤ 11 ያህሉ ስህተት ይሆናሉ፣ 93 ትክክለኛ ጥንዶች ደግሞ ያመልጡናል። ወደ 0.80 ብናወርደው የሚያመልጡን 21 ብቻ ናቸው፤ የተሳሳቱት ግን 59 ይደርሳሉ። ከመቁረጫው በታች ያሉትን እርከኖች ሳንመረምር ብንቀር ያመለጡንን መቁጠር አንችልም ነበር።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው መልስ የሚሰጠው የሥራው ዓላማ ነው። ለእያንዳንዱ አቅራቢ የተከፈለውን ለመደመር ከሆነ የተሳሳተ ጥንድ የአንዱን ገንዘብ በሌላው ስም ያስቆጥራል፤ 0.90 ይመረጣል። ከመንግሥት ግዥ የታገዱ አቅራቢዎች መኖራቸውን ለማየት ከሆነ ግን ያመለጠ ስም ይብሳል፤ 0.80 ወይም ከዚያ በታች ይሻላል፤ ስሙ የተያዘ ሁሉ ግን በሰው ሳይጣራ አይወሰንበትም።

አንድ ቁጥር ብቻ የመምረጥ ግዴታም የለም። ኢቫን ፌሌጊ እና አለን ሰንተር በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የመዝገብ ማዛመጃ ንድፈ ሐሳብ መቁረጫዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከላይኛው በላይ ያለው ይቀበላል፣ ከታችኛው በታች ያለው ይጣላል፣ መሐል ያለውን ሰው ያየዋል። በእኛ ምሳሌ ከ0.80 እስከ 0.90 ካሉት 120 ጥንዶች 50ው በናሙናው ታይተዋል። ቀሪዎቹ 70 ለእያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ ቢፈጁ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ጊዜ የተሳሳቱት 11 ላይ እንዳሉ የሚያመልጡት ወደ 21 ይወርዳሉ።

የላይኛው እርከን ግን እንዳያታልል። ከ50 ጥንድ አንድም ስህተት አለመገኘቱ ስህተት የለም ማለት አይደለም፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚባለው የስህተቱ መጠን ከ6 በመቶ ገደማ አይበልጥም የሚል ብቻ ነው። ከ520ው 31 ያህሉ የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ወደ 1 በመቶ ለማውረድ 300 ጥንድ ያለ ስህተት ማለፍ አለበት። ይህ ካልተቻለ ትልቅ ክፍያ ያለባቸውን ጥንዶች ነጥባቸው ምንም ያህል ቢሆን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

የተገኘው መቁረጫ ነጥብ ለሌላ ፋይል አይዋስም። 300 ስም ባለው መዝገብ ላይ የሠራ 0.90፣ መዝገቡ 8,000 ሲሞላ በአጋጣሚ የሚቀራረቡ ስሞች ስለሚበዙ ብዙ ስህተት ያስገባል። መዝገቡ በጣም ሲያድግ ወይም የማጽጃ ደንቡ ሲቀየር ናሙናው እንደገና ይወጣል። ኦዲተር ሲጠይቅ የሚቀርበውም ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የማጽጃ ደንቡ፣ የስሌቱ ዓይነትና የየእርከኑ የናሙና ውጤት ነው።