ስለ ንግድ ቤት ያልተረጋገጠ ወሬ ሲነገር ማስረጃን በአክብሮት ስለመጠየቅ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ አምባ ጊዮርጊስ ባሉ ከተሞች ቅቤ በአብዛኛው ያለ ማሸጊያና ያለ ደረሰኝ ይሸጣል። ገዢው የሚተማመነው በሻጩ ስም ነው። በመሆኑም «ባዕድ ነገር ይቀላቅላሉ» የሚል ወሬ አንድን ሱቅ ደንበኛ ሊያሳጣው ይችላል። በሌላ በኩል ቅቤን ከሌላ ስብ ጋር መቀላቀል በአገራችን የታየ ድርጊት በመሆኑ ወሬው ገና ሳይጣራ ሐሰት ነው ማለትም አይቻልም።

ለአብነት፣ በቡና ላይ አንዲት ጎረቤት «የእገሌ ሱቅ ቅቤ ሙዝ አለበት አሉ፤ ሲነጠር ከሥሩ ዝቃጭ ይቀራል» ብለው ቢናገሩ፣ «ይህ ውሸት ነው» የሚል መልስ ተናጋሪዋን በሰው ፊት ያሳፍራል፤ ነገሩንም ወደ ጭቅጭቅ ይወስዳል። «እትዬ፣ እኔም ከዚያው ስለምገዛ ልጠንቀቅ ብዬ ነው፤ ያነጠሩት እርስዎ ነዎት ወይስ የነገረዎት ሰው? መቼ ተገዛ? የተረፈስ አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ለመልስ በር ይከፍታል። ጎረቤቲቱ «ምራቴ ናት ያነጠረችው፤ ግማሹ አልተነካም» ካሉ ወሬው ሊመረመር የሚችል ጥቆማ ሆነ ማለት ነው። «ሰው ሁሉ ይላል» ከሆነ መልሱ፣ ጥያቄውን መደጋገም ሳያስፈልግ ወሬውን ለሌላ አለማስተላለፍ ይበቃል።

ዝቃጩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ንጹሕ ቅቤም ውኃና የወተት ቅሪት ስላለው ሲነጠር አንጉላ ይተዋል። በአንጻሩ ፓልም ዘይት ከቅቤው ጋር አብሮ ስለሚቀልጥ ከሥር የሚዘቅጥ ነገር አይተውም፤ ጠርቶ የወጣ ቅቤም ስለዚህ ሻጩን ነጻ አያደርግም። የስቡን ዓይነት የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

የተረፈው ቅቤ ሳይነጠር በተገዛበት ዕቃ ወይም መጠቅለያ ይቀመጥ፤ የተገዛበት ቀንና ሱቅም ይጻፍ። ጥቆማውን ለወረዳው የንግድ ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ነው። ቤት ያደረ ቅቤ ከግዢ በኋላ ምን እንደነካው ስለማይታወቅ፣ ለጥርጣሬ መነሻ ይሆናል እንጂ ተቆጣጣሪ ከሱቁ የሚወስደውን ናሙና አይተካም።

ወሬውን የሚያሰራጨው ተፎካካሪ ነጋዴ ከሆነ ጉዳዩ የሕግ ጥያቄም ያስነሣል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን ነጋዴ ንግድ የሚያጎድፍ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ተገቢ ካልሆኑ የንግድ ውድድር ተግባራት ይቆጥረዋል።