«አድርገው» ሲባል ጫማውን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የናይኪ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የ80 ዓመቱ ሯጭ ዋልት ስታክ በጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ሲሮጡ ያሳያል። መጨረሻ ላይ ሦስት ቃላት ይመጣሉ፦ «ጀስት ዱ ኢት»።

ቃል በቃል እናምጣው ካልን «ዝም ብለህ አድርገው» ይሆናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እኛ ጫማንም «እናደርጋለን»፤ ስለዚህ የጫማ ማስታወቂያ ላይ ሰሚው «ሳትጠይቅ ጫማውን አጥልቀው» ብሎ ይረዳዋል። ሌላም አለ። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለሁሉም አንድ ነው፤ አማርኛ ግን አድርገው፣ አድርጊው፣ አድርጉት፣ ያድርጉት እያለ ሰሚውን ይለያል። «አድርገው» ካልን ሴቶቹን አስቀረን፣ አዛውንቱንም አንተ አልናቸው።

መውጫው ቃሉን ትቶ ሐሳቡን መያዝ ነው፦ ሰበብ ይብቃ። «በቃ፣ እንጀምር!» ቢባል ጾታም ዕድሜም አይለይም። ግን ኪሳራ አለው፤ ትእዛዙ ለስልሶ ግብዣ ይሆናል። ትርጉሙ መሥራቱን ለማወቅ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብና «ማንን ነው የሚያናግረው? ምን አድርጉ ነው የሚለው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የሚገርመው፣ የመፈክሩ ጸሐፊ ዳን ዊደን የተነሣው በ1977 በሞት የተቀጣው ጋሪ ጊልሞር ከተናገረው «እናድርገው» ከሚል ቃል ነበር። ዊደን «እኛ»ን አውጥቶ ትእዛዝ አደረገው፤ አማርኛው ደግሞ «እኛ»ን መልሶ አስገባ።