የንግድ ቤት ኪራይ ጭማሪ እንዲዘገይ ወይም እንዲቀነስ ለአከራይ ስለሚቀርብ ደብዳቤ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። በመሆኑም በከሚሴ ከተማም ሆነ በሌሎች የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከተሞች ሱቅ የተከራየ ነጋዴ የአዋጁን የጭማሪ ገደብ ጠቅሶ መከራከር አይችልም። የንግድ ቤት ኪራይ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2950 መሠረት በአከራይና በተከራይ ስምምነት ይወሰናል።

ከደብዳቤው በፊት

ተከራዩ በቅድሚያ የውሉን ዘመን ማጣራት ይኖርበታል። የውሉ ጊዜ ካላለቀና ውሉ ራሱ ጭማሪን ካልፈቀደ፣ አከራዩ በዋጋ ንረት ምክንያት ብቻ ኪራዩን በራሱ ውሳኔ ከፍ ማድረግ አይችልም። በዚህ ጊዜ ደብዳቤው ውሉ እንዲከበር የሚጠይቅ ይሆናል። የውሉ ዘመን ካለቀ ግን ደብዳቤው ልመና ሳይሆን አዲስ የዋጋ ሐሳብ ሊሆን ይገባል፤ ገበያ መቀዝቀዙ ብቻውን አከራዩን አያስገድድምና።

የደብዳቤው ይዘት

ለምሳሌ ያህል፣ ውሉ ነሐሴ መጨረሻ የሚያበቃ አንድ የከሚሴ ባለሱቅ በወር 6,000 ብር ይከፍል ነበር እንበል። አከራዩ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ 9,000 ብር ጠይቀዋል። ደብዳቤው እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ለአቶ ………
ጉዳዩ፦ የሱቅ ኪራይ ጭማሪን ይመለከታል
ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ኪራዩ 9,000 ብር እንዲሆን ያስታወቁኝን ተቀብያለሁ። ሆኖም አብዛኞቹ ደንበኞቼ ከደዋ ጨፋ ወረዳ የሚመጡ አርሶ አደሮች በመሆናቸው፣ የመኸር ምርት ተሰብስቦ እስኪሸጥ ድረስ ገበያዬ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን በነበረው 6,000 ብር እንድቀጥል፣ ከጥር 1 ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት 7,500 ብር እንድከፍል እጠይቃለሁ። ከተስማሙ የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ኪራይ 22,500 ብር በቅድሚያ እከፍላለሁ። መልስዎን እስከ ነሐሴ 20 ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
የተከራይ ስም፣ ፊርማና ቀን»

በዚህ ደብዳቤ ምክንያቱ የተወሰነ ነው፣ የጥያቄው ማብቂያ ቀን ይታወቃል፣ አከራዩም በቅድሚያ ክፍያ የሚያገኙት ጥቅም አለ። «ኑሮ ስለተወደደ ይታሰብልኝ» የሚል ደብዳቤ ግን አከራዩ እሺ ወይም እምቢ የሚሉበት ቁጥር አይሰጥም።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አከራዩ መቀበላቸውን በአንደኛው ላይ ቢፈርሙ፣ ተከራዩ ያንን ቅጂ በማስረጃነት ይይዛል። መልስ እስኪመጣ ነባሩን ኪራይ ማቋረጥ አይገባም፤ ያልተከፈለ ኪራይ አከራዩ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆናቸው ይችላል። ስምምነት ከተደረሰ በቃል ብቻ አይተው፤ አዲሱ መጠንና የሚጸናበት ጊዜ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች ይፈርሙበት። አከራዩ ካልተስማሙ ጉዳዩን በአገር ሽማግሌዎች ማየት ይቻላል፤ ሆኖም የውሉ ዘመን ካለቀ ሽማግሌዎቹ አከራዩን በቀድሞው ዋጋ እንዲያከራዩ ማስገደድ አይችሉም።