ፕረዘንት ፐርፌክት እና ሲምፕል ፓስት በእንግሊዝኛ

ፕረዘንት ፐርፌክት እና ሲምፕል ፓስት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያለፈን ድርጊት ለመግለጽ የሚያገለግሉ ሁለት የግሥ ጊዜዎች ናቸው። ሲምፕል ፓስት፣ ለምሳሌ «ሂ ዌንት»፣ ድርጊቱ በተዘጋ ጊዜ ውስጥ ተፈጽሞ ማለቁን ይናገራል። ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ለምሳሌ «ሂ ሃዝ ጎን»፣ ያለፈውን ድርጊት ከአሁኑ ጋር ያያይዛል፤ ውጤቱ አሁን አለ፣ ወይም ድርጊቱ እስከ አሁን ዘልቋል፣ ወይም የተናጋሪው የሕይወት ልምድ ሆኗል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች በፊደል ተጽፈዋል።

አማርኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ተማሪዎች ሁለቱን ብዙ ጊዜ ያቀያይሯቸዋል። በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ወይም በሞጣ የሚኖር ተማሪ ከቤት እስከ ገበያ የሚሰማው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛን የሚያገኘው በአብዛኛው ከመጽሐፍና ከክፍል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን አብዛኞቹን ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ይማራል። ስሕተቱ የሚመጣው አማርኛ ተመሳሳይ መዋቅር ስለሌለው ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አማርኛ ፕረዘንት ፐርፌክትን በጣም የሚመስል ቅርጽ አለው፤ ችግሩ ሥራቸው በከፊል ብቻ መገጣጠሙ ነው።

የአማርኛው «ሄዷል»

«ሄዷል» የሚለው ግሥ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው «ሄዶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ሲሆን ሁለተኛው «አለ» የሚለው ረዳት ግሥ ነው። «አለ» የአሁን መኖርን ስለሚያመለክት «ሄዷል» ሲፈታ «ሄዶ አለ» እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «ሃዝ» የሚል የአሁን ጊዜ ረዳት ግሥ ይዞ «ጎን» የሚለውን ያስከትላል። ስለዚህ ተማሪው «ሄዷል»ን «ሃዝ ጎን» ብሎ ሲተረጉም ከአየር አላመጣውም። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል፤ «አስተማሪው ወደ ሞጣ ሄዷል» ማለት አሁን እዚህ የለም ማለት ነው፣ «ዘ ቲቸር ሃዝ ጎን ቱ ሞጣ»ም እንዲሁ።

መንገዱ የሚለያየው የጊዜ ቃል ሲገባ ነው። በአማርኛ «አስተማሪው ትናንት ወደ ሞጣ ሄዷል» ቢባል ማንም አይደነግጥም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» የተዘጋ ጊዜ ስለሆነ ከ«ሃዝ ጎን» ጋር አይስማማም፤ «ዘ ቲቸር ዌንት ቱ ሞጣ የስተርደይ» መባል አለበት። «ባለፈው ሳምንት»፣ «ከሦስት ቀን በፊት»፣ «በ2012 ዓ.ም.» የሚሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው። «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ ያለቀ ጊዜ መልስ ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከተቀመጠ እንግሊዝኛ የሚመርጠው ሲምፕል ፓስትን ነው። «ዛሬ ጠዋት» ግን በሰዓቱ ይወሰናል። ገና ጠዋት ከሆነ ጊዜው ክፍት ነውና ፕረዘንት ፐርፌክት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ተዘግቷል።

የስያሜው ችግር

በአማርኛ ሰዋስው ትምህርት «ሄዷል» አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር» ደግሞ የሩቅ ኃላፊ ተብሎ ይጠራል። ይህ ስያሜ ተማሪውን ሳያስበው ወደ ስሕተት ይመራዋል፤ ፕረዘንት ፐርፌክት በቅርቡ ለሆነ ነገር፣ ሲምፕል ፓስት ለቆየ ነገር ነው ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል።

የአማርኛው ንግግር ራሱ ግን ለስያሜው አይገዛም። ማታ መብራት ድንገት ሲቋረጥ ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚለው «መብራት ጠፋ!» ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጣ እንግዳ ለምን በጨለማ እንደተቀመጡ ሲጠይቅ «መብራት ጠፍቷል» ይባላል። መናኸሪያ ቆሞ የሚጠብቅ ሰውም አውቶቡሱ ብቅ ሲል «መጣ!» እንጂ «መጥቷል!» አይልም። ከሁሉ የቀረበው ቅጽበት የሚነገረው እንግዲህ የቅርብ በሚባለው ቅርጽ ሳይሆን በተራው ኃላፊ ነው። «ጠፋ» ድርጊቱን ሲሆን ያሳያል፤ «ጠፍቷል» የቀረውን ሁኔታ ያስረዳል።

በእንግሊዝኛም ቅርበት መለኪያ አይደለም። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሆነ ነገር፣ «ከአምስት ደቂቃ በፊት» የሚለው ቃል ከተጨመረበት፣ በሲምፕል ፓስት ይነገራል። በአንጻሩ አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው ያዩትን ከተማ ዛሬ ሲያነሡ «አይ ሃቭ ሲን ሞጣ» ሊሉ ይችላሉ፤ ሰባ ዓመት ቢያልፈውም ማየታቸው የእርሳቸው ልምድ ሆኖ አብሯቸው አለና።

ልዩነቱ የሚጠፋበት ቦታ

አማርኛ በ«ሄደ» እና በ«ሄዷል» መካከል ያለውን ልዩነት በአዎንታ ብቻ ይጠብቀዋል። በአሉታ ሁለቱም «አልሄደም» ይሆናሉ። «ትናንት አልመጣም» እና «ገና አልመጣም» የሚሉት አንድ ግሥ ይዘዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ሂ ዲድንት ካም የስተርደይ»፣ ሁለተኛው «ሂ ሃዝንት ካም ዬት» ነው። በአዎንታ ጥሩ የሚሠሩ ተማሪዎች በአሉታ የሚሳሳቱት፣ «ዲድንት»ን ለሁሉም የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። የሚያድነው «ገና» የሚለው ቃል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ፣ ወይም ሊገባ ከቻለ፣ ጊዜው አልተዘጋም ማለት ነው።

ልዩነቱ «የ»፣ «እንደ»፣ «ስለ» በሚሉ ቃላት በሚጀምር ጥገኛ ሐረግ ውስጥም ይጠፋል። «የገዛሁት መጽሐፍ» ይባላል እንጂ «የገዝቻለሁት» አይባልም። ስለዚህ ተማሪው «የገዛሁት»ን ሲተረጉም ከአማርኛው ቅርጽ ምንም ምልክት አያገኝም፤ መቼ እንደተገዛ ተነግሯል ወይስ አልተነገረም የሚለውን ከሐሳቡ መፈለግ አለበት።

አንድ የእንግሊዝኛ ቅርጽ፣ ብዙ የአማርኛ መንገድ

እንግሊዝኛ በፕረዘንት ፐርፌክት የሚጠቀልላቸውን ሐሳቦች አማርኛ ለተለያዩ አነጋገሮች ያከፋፍላቸዋል። ለልምድ «ያውቃል» የሚለው ግሥ ይገባል፤ «ሞጣ ሄደህ ታውቃለህ?» በእንግሊዝኛ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ሞጣ?» ነው። እዚህ ላይ «ጎን» ሳይሆን «ቢን» መግባቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። «ሂ ሃዝ ጎን» ሄዶ አልተመለሰም ማለት ሲሆን «ሂ ሃዝ ቢን» ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው። «ኖው» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ፣ «ማወቅ» ማለት ቢሆንም፣ በዚህ ጥያቄ ምንም ቦታ የለውም።

እስከ አሁን ለቀጠለ ነገር ደግሞ አማርኛ የአሁኑን ጊዜ ይመርጣል፤ «ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የምኖረው ቢቸና ነው» ይባላል። ቃል በቃል ሲዞር «አይ አም ሊቪንግ ኢን ቢቸና ሲንስ 2012» የሚል የታወቀ ስሕተት ይወጣል። ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ቢቸና ሲንስ 2012» ነው።

ምሳሌ

ከሞጣ ስለ ወንድሙ የሚጽፍ አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ያስብ እንበል፦ «ወንድሜ በ2012 ዓ.ም. ወደ ቢቸና ሄዷል። እዚያ ሲያስተምር ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዲማ ጊዮርጊስን ሁለት ጊዜ አይቷል። ዘንድሮ ግን ገና ወደ ቤት አልመጣም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሄዷል» ቢልም ዓመተ ምሕረት ስላለው «ማይ ብራዘር ዌንት ቱ ቢቸና ኢን 2012» ይሆናል። ሁለተኛው እስከ ዛሬ የቀጠለ ነው፤ «ሂ ሃዝ ቢን ቲቺንግ ዜር ፎር ሲክስ ይርስ» ይባላል። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ያለ ቅርጽ ይዟል፣ ግን መቼ እንዳየ አልተነገረም፤ ወንድምየው እዚያው ስላለ ሦስተኛ ጊዜም ሊያይ ይችላል። ስለዚህ «ሂ ሃዝ ሲን ዲማ ጊዮርጊስ ትዋይስ» ትክክል ነው። አራተኛው «ዘንድሮ» እና «ገና» የሚሉ ክፍት ጊዜዎችን ይዟልና «ሂ ሃዝንት ካም ሆም ዬት ዚስ ይር» ይላል። አንደኛውና ሦስተኛው በአማርኛ አንድ ዓይነት ሆነው በእንግሊዝኛ መለያየታቸው የችግሩ እምብርት ነው።

ስለ ሟች ሰው መጻፍ

ይኸው ዲማ ጊዮርጊስ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ ትልቁ ክፍል የሚፈጸምበት ቦታ ነው። ስለ ደራሲው በአማርኛ «ሐዲስ ዓለማየሁ በርካታ መጻሕፍት ጽፈዋል» ማለት የተለመደ የአክብሮት አጻጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ «ሃዝ ሪትን» ከተባለ ግን አንባቢው ደራሲው በሕይወት ያሉ፣ ገናም ሊጽፉ የሚችሉ ይመስለዋል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ «ሮውት» መባል አለበት። ስለ መጽሐፉ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በ1958 ዓ.ም. መታተሙ በሲምፕል ፓስት ይነገራል፤ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎሙ ግን፣ ዓመቱ ካልተጠቀሰ፣ «ሃዝ ቢን ትራንስሌትድ» ሊባል ይችላል፤ መጽሐፉ ዛሬም ይነበባልና። የሕይወት ታሪክ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ «ተወልደዋል»ን «ሃዝ ቢን ቦርን» ማለት ከሁሉም የበለጠ ጆሮ ይቆረቁራል።

በጆሮ የማይያዝ ልዩነት

«አይ ሃቭ ወርክድ» በፈጣን ንግግር «አይቭ ወርክድ» ይሆናል። ይህች «ቭ» ከ«ወ» ፊት ስትመጣ በጣም ስስ ስለሆነች ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «አይ ወርክድ» መስላ ታልፋለች። መደበኛ ግሦች በሁለቱም ጊዜ አንድ ቅርጽ ስላላቸው ሌላ ምልክት አይቀርም። እንደ «ዌንት» እና «ጎን»፣ «ሶው» እና «ሲን» ያሉ የሚለያዩ ግሦች ግን በጆሮ በቀላሉ ይለያሉ፤ ለመለማመጃ የሚሻሉትም እነርሱ ናቸው።

ፊልም የሚያይ ተማሪ ሌላ ግራ መጋባት ይገጥመዋል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ዬት» ካሉ ቃላት ጋር ሲምፕል ፓስት በንግግር የተለመደ ነው፤ «ዲድ ዩ ኢት ዬት?» ይባላል። በብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚመረጠው «ሃቭ ዩ ኢትን ዬት?» የሚለው ነው። በክፍል ፈተና የብሪታንያውን መንገድ መያዝ ይሻላል፤ በአሜሪካ አነጋገር ግን የመጀመሪያውን ስሕተት ማለት አይቻልም። «የስተርደይ»ን ከ«ሃቭ» ጋር ማጣመርን ግን የሁለቱም አገር መደበኛ እንግሊዝኛ አይቀበለውም።