ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ፀሐይ፡- ሳያብጡ ደራርቦ መልበስ

አዲስ አበባ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፡፡ ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቃል፡፡ በዚህም ምክንያት ብርዱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፤ ብዙዎቻችን ታክሲ ፍለጋ ከቤት የምንወጣው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው፡፡ ያን ጊዜ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚሆንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም፡፡ ከቀትር በኋላ ግን ከ20 ዲግሪ ያልፋል፡፡

እኔም ለዚህ መፍትሔ ብዬ አንድ ወፍራም ጃኬት ለብሼ ከአያት ወደ ሜክሲኮ ስመላለስ ከረምኩ፡፡ ሰልፍ ላይ ተመቸኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ግን ከሁለት ሰው መሀል ተጣብቄ ላብ አጠመቀኝ፡፡ ለማውለቅ ክንዴን ማንሳት እንኳ አልችልም፡፡ ስወርድ ላቡ ከነፋሱ ጋር ተገናኘና ከቤት ስወጣ ከነበረው ይልቅ በረደኝ፡፡

ነገሩን ያስተዋልኩት ከጋቢ ነው፡፡ ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፡፡ የሚያሞቀን የጥጡ ውፍረት ብቻ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው፡፡ ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ስስ ልብሶችን መደረብ ያዋጣል፤ ሲሞቅም አንዱን ብቻ መቀነስ ይቻላል፡፡ ይሁን እንጂ ልብሶቹ እርስ በርስ ከተጨናነቁ አየሩ ይጨመቅና ሙቀቱም አብሮ ይጠፋል፡፡ «ወፍራም እንዳልመስል» ብሎ ጠባብ መምረጥ ብርድን መጥራት ነው፡፡

አሁን የምለብሰው እንዲህ ነው፡፡ ከሥር ገላ ላይ ልክክ የሚል ስስ ካናቴራ፣ ከላዩ ሸሚዝ፣ ከዚያ እጅ የሌለው ስስ የሱፍ ሹራብ፣ በመጨረሻም ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፡፡ ሹራቡ እጅ የሌለው እንዲሆን የመረጥኩት በምክንያት ነው፡፡ ሰው ያበጠ የሚመስለው በደረቱ ሳይሆን በብብቱና በክንዱ ነው፤ አራት እጅጌ በአንድ ክንድ ላይ ሲደራረብ ክንድ ከጎን ይርቃል፣ ትከሻም ይነሳል፡፡ ደረትና ጀርባ ከሞቁ ክንድ ከአንድ ልብስ ያነሰ ቢደረብበት ብዙም አይጎዳም፡፡ ቀሚስ ለምትለብስም ያው ነው፤ ስስ ካናቴራና ወፈር ያለ ታይት ከሥር ቢገቡ ከላይ ትልቅ ካፖርት አያስፈልግም፡፡

ካናቴራው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፡፡ ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ቶሎ ግን አይደርቅም፡፡ በፍጥነት ተራምዶ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው እርጥብ ጥጥ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዝበታል፡፡ ስስ ሱፍ ወይም ለስፖርት የሚሠራው ፖሊስተር ይሻላል፡፡ ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም፡፡ ሰልባጅ ተራ ፈልጎ የማይሰለች ሰው ጥሩ ስስ ሱፍ ያገኛል፤ ሙቅ ውኃ ግን ያኮማትረዋልና በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ አንጥፎ ማድረቅ ነው፡፡

ልኩን ለማወቅ ሁሉንም ለብሰው የአውቶቡስ ብረት እንደያዙ ያህል እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ፡፡ ሸሚዙ ከቀበቶ ከወጣ ወይም ጃኬቱ ብብት ላይ ከያዘዎት አንዱ ልብስ ጠቧል፡፡ ጃኬቱን ቆልፈው ቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ ከተሸበሸበም እንደዚያው ነው፡፡ ያኔ ከላይኛው ጀምሮ አንድ ቁጥር መጨመር እንጂ ሹራቡን ማስቀረት አይገባም፡፡

የቀረው ሰዓቱን ማወቅ ነው፡፡ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ትንሽ ብርድ ብርድ እንዲለኝ ጃኬቱን ሳልቆልፍ እወጣለሁ፤ አሥር ደቂቃ ከተራመድኩ በኋላ እሞቃለሁ፡፡ ሰልፍ ስደርስ፣ ሰውነቴ ሳይቀዘቅዝ፣ እቆልፈዋለሁ፤ ሻርፕም እጨምራለሁ፡፡ ከፊቴ ሦስት አራት ሰው ሲቀር ጃኬቱን አውልቄ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ፡፡ ረዳቱ «ግቡ!» ካለ በኋላ ማውለቅ የለም፡፡ ቢሮ ስገባ ሹራቡ እላዬ ላይ ይቆያል፤ ፀሐይ የማታገኘው የግንብ ክፍል እስከ አምስት ሰዓት እንደቀዘቀዘ ነው፡፡ ለምሳ ስወጣ በሸሚዝ ብቻ እሄዳለሁ፡፡ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጃኬቱ ይመለሳል፡፡

ለክረምት ይህ አለባበስ እንዳለ አይሠራም፡፡ በሐምሌና በነሐሴ የጠዋቱና የቀትሩ ልዩነት ይጠባል፤ ችግሩ ዝናቡ ነው፡፡ ከሥር ያሉትን ሳይነኩ የላይኛውን ብቻ ውኃ በማያስገባና ከወገብ በታች በሚወርድ ጃኬት ይለውጡት፤ እርጥቡን ጃኬት ለብቻው የሚይዝ ፌስታልም ቦርሳ ውስጥ ይኑርዎት፡፡