ያረጀ የደም ሴል የት ይሄዳል? ስለ ሴል ጨጓራና ስለ ጎሼ በሽታ

አንድ ቀይ የደም ሴል በሰውነታችን ውስጥ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው። ያ ጊዜ ሲያልቅ ሴሉ ይደርቃል፣ በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ እንደ ቀድሞው መተጣጠፍ ያቅተዋል። በየሴኮንዱ ሁለት ሚሊዮን የሚያህሉ እንዲህ ያረጁ ሴሎች ከደማችን ይወገዳሉ። የት ነው የሚሄዱት? አብዛኞቹ በጣፊያና በጉበት ውስጥ ይበላሉ። የሚበላቸው ማክሮፋጅ የሚባል ሌላ ሴል ነው። ይህ ሴል አረጀ የተባለውን በገላው ከቦ እንዳለ ይውጠዋል። ዛሬ የምናወራው ከተዋጠ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው፤ ያንን የምታውቁ ከሆነ በአገራችን በእስራኤል ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳውን የጎሼ በሽታ ለመረዳት አይቸግራችሁም።

የተዋጠው ነገር በሴሉ ውስጥ ዝም ብሎ አይበተንም። በቀጭን ሽፋን እንደተጠቀለለ ይቆይና ላይሶሶም ከሚባል ትንሽ ከረጢት ጋር ይዋሐዳል። በዕብራይስጥ ሐኪሞቹ ሊዞዞም ይሉታል። ላይሶሶም ለሴሉ እንደ ጨጓራ ነው። ውስጡ እንደ ጨጓራችን ኮምጣጣ፣ ማለት አሲድ ያለበት ሲሆን፣ 60 የሚያህሉ የተለያዩ ፈጪዎች አሉበት። እነዚህ ፈጪዎች ኢንዛይም ይባላሉ። አንዱ ፕሮቲን ይቆርጣል፣ ሌላው ስብ፣ ሌላው ስኳር። ተፈጭቶ የወጣው ጥቃቅን ነገር ተመልሶ ወደ ሴሉ ይገባና ለአዲስ ግንባታ ይውላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፈጪ ሴሉን ራሱን ለምን አይፈጨውም? መልሱን ያገኘው ክርስቲያን ደ ዱቭ የሚባል የቤልጂየም ሳይንቲስት ነው፣ ያገኘውም ሳይፈልገው ነው። በ1949 በሉቫን ከተማ የአይጥ ጉበት ፈጭቶ ስለ ስኳር ሲያጠና አንድ ኢንዛይም ለካ። ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው። ያንኑ ፍጭ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ከአምስት ቀን በኋላ ሲለካው ግን ኢንዛይሙ በዝቶ ተገኘ። የሞተ ጉበት አዲስ ኢንዛይም አይሠራም፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ መጀመሪያውኑ ነበረ፣ ግን በከረጢት ተዘግቶ ስለነበር መለኪያው አላገኘውም። ከረጢቱ ሲያረጅ ማፍሰስ ጀመረ። ቢላዋ በሰገባው ውስጥ ሲሆን እጅ አይቆርጥም እንደማለት ነው። ሁለተኛም መጠበቂያ አለ፦ እነዚህ ኢንዛይሞች የሚሠሩት በኮምጣጣው ውስጥ ብቻ ነው። ጥቂት ቢያመልጡ እንኳ የቀረው የሴሉ ክፍል ኮምጣጣ ስላልሆነ ይደክማሉ። ደ ዱቭ ላይሶሶም የሚለውን ስም በ1955 አወጣለት፤ በ1974 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ላይሶሶም ከውጭ የተዋጠውን ብቻ አይደለም የሚፈጨው። ሴሉ በውስጡ የራሱ ዕቃዎች አሉት፤ ለምሳሌ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይሩ ምድጃዎች ናቸው። ምድጃው ሲያረጅ ጭስ ያበዛል እንደሚባለው፣ ያረጀ ማይቶኮንድሪያም ለሴሉ ጎጂ ነገር መልቀቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሴሉ ዙሪያውን በሽፋን ይጠቀልለውና ወደ ላይሶሶም ይልከዋል። የጃፓኑ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን ሥራ በእርሾ ላይ አጥንቶ በ2016 ኖቤል ተሸልሟል። ምግብ ሲጠፋም ሴሉ የራሱን ዕቃ እየፈጨ ይቆያል። ይህን ሰምተው ጾም ሁሉን በሽታ ያድናል የሚሉ በኢንተርኔት በዝተዋል፤ ከዚህ እውነት እስከዚያ ድረስ መሄድ ግን ትልቅ ዝላይ ነው።

አሁን ወደ በላነው ቀይ የደም ሴል እንመለስ። የሴሉ ቆዳ ከስብ የተሠራ ነው። ከስቦቹ አንዳንዶቹ ላይ የስኳር ፍሬዎች እንደ ጨሌ ተሰክተዋል። አንደኛውን እንውሰድ፤ አራት ፍሬ ያለበት ነው። ላይሶሶም ይህን ጨሌ በአንድ ጊዜ አይበጥሰውም። ከጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ያወጣዋል፣ ለእያንዳንዱም ፍሬ የራሱ ኢንዛይም አለው። የመጀመሪያው ኢንዛይም አንደኛውን ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለተኛው ኢንዛይም ሥራ ያገኛል፣ ከዚያ ሦስተኛው። መጨረሻ ላይ አንድ ፍሬ ግሉኮስ ከስቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እሱን የሚያላቅቀው አራተኛው ኢንዛይም ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ ይባላል።

ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል? ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። ሌላው ኢንዛይም ሊረዳው አይችልም፣ መቁረጥ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነውና። መጀመሪያው ከጠፋ ሳንድሆፍ የሚባል የሕፃናት በሽታ ይመጣል። ሁለተኛው ከጠፋ ፋብሪ የሚባለው፣ ኩላሊትና ልብ የሚጎዳው። አራተኛው ከጎደለ ጎሼ ነው። በአንዲት ጨሌ ላይ ይህን ያህል በሽታ ተሰልፏል ማለት ነው። በጠቅላላው ላይሶሶም ሳይፈጭ በሚያከማቸው ነገር የሚመጡ ከ50 በላይ በሽታዎች ይታወቃሉ፤ እያንዳንዳቸው ብርቅ ናቸው።

በጎሼ በሽታ ማክሮፋጁ መዋጡን አይተውም። ያረጀ የደም ሴል በየቀኑ ይመጣል፣ እሱም ይውጣል፣ ሦስቱን ፍሬ ያወጣል፣ የመጨረሻው ግን ይከማቻል። ሴሉ እያበጠ ይሄዳል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ የተጨማደደ ስስ ወረቀት ይመስላል። እንዲህ ያበጡ ሴሎች በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይታጨቃሉ። ፊሊፕ ጎሼ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም በ1882 ጣፊያዋ እጅግ ያበጠ የ32 ዓመት ሴት ሬሳ ሲመረምር እነዚህን ሴሎች አየና የጣፊያ ካንሰር መሰለው። በሽታው በስሙ ተጠራ፤ የጠፋው ኢንዛይም የታወቀው ግን በ1960ዎቹ፣ በአሜሪካዊው ሮስኮ ብሬዲ ሥራ ነው።

በሽተኛው ላይ እንዴት ይታያል? አንዲት የ42 ዓመት ሴት እንውሰድ፤ ለማስረዳት ያህል ነው እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ለዓመታት ድካም ይሰማታል። አፍንጫዋ ይነስራል፣ ትንሽ ስትጋጭ ሰውነቷ ይበልዛል። ጥቂት በልታ ትጠግባለች፣ ምክንያቱም ያበጠው ጣፊያ ጨጓራዋን ይጫነዋል። አንዳንዴ ዳሌዋን አጥንቷ ድረስ ያማታል። በኩፓት ሆሊም ደም ስትሰጥ ታሲዮት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ቅንጣቶች 70 ሺህ ሆነው ይገኛሉ፤ ጤነኛ ሰው ቢያንስ 150 ሺህ አለው። ጣፊያው ይዞ ያስቀራቸዋል፣ የተጨናነቀው መቅኔም በደንብ አይሠራቸውም። ሐኪሙ ሆዷን ሲዳስስ ጣፊያዋ ከጎድን አጥንቷ በታች ወርዶ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ስሕተት ይበዛል። የታሲዮት ማነስና የጣፊያ ማበጥ ሲያዩ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት የደም ካንሰር ነው። ወባና ካላዛር ካለበት አካባቢ የመጣን እኛ ደግሞ ለሐኪሙ መናገር ያለብን ነገር አለ፤ ሁለቱም ጣፊያ ያሳብጣሉ። በነገራችን ላይ ካላዛር የሚያመጣው ተሕዋስ የሚኖረው በዚሁ በማክሮፋጅ ውስጥ ነው። ተውጦ ላይሶሶም ድረስ ይገባና ሳይፈጭ እዚያው ይራባል። ጎሼን ከነዚህ ሁሉ የሚለየው ቀላል የደም ምርመራ ነው፦ በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የዚያ ኢንዛይም ጉልበት ይለካል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ በዘረመል ምርመራ ይረጋገጣል። ድሮ መቅኔ በመርፌ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ ለዚህ በሽታ ብሎ ያን ማድረግ አያስፈልግም።

ሕክምናው የጎደለውን ኢንዛይም ከውጭ መስጠት ነው። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ግን በደም ሥር የገባ ኢንዛይም እንዴት ማክሮፋጅ ውስጥ፣ ከዚያም ላይሶሶም ውስጥ ይደርሳል? ብሬዲ መጀመሪያ ሲሞክር አብዛኛው ወደማይፈለግበት ቦታ ሄደበት። መፍትሔው የመጣው ከበሽታው መንገድ ነው። ማክሮፋጅ በላዩ ማኖዝ የሚባል ስኳር የሚታይበትን ነገር ሲያገኝ ይውጠዋል። ስለዚህ ኢንዛይሙን የሸፈኑት ሌሎች ስኳሮች ተላጡና ማኖዙ ወጣ። ማክሮፋጁ እንደ ልማዱ ዋጠው፣ የዋጠውንም እንደ ልማዱ ወደ ላይሶሶም ላከው።

በ1991 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ከሴቶች እንግዴ ልጅ የተጣራ ነበር፤ ለአንድ በሽተኛ የዓመት መድኃኒት በሺህ የሚቆጠር እንግዴ ልጅ ይፈጅ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ በቤተ ሙከራ ባደጉ ሴሎች መሥራት ተቻለ። በ2012 ደግሞ በካርሚኤል የሚገኘው ፕሮታሊክስ የተባለ ኩባንያ በካሮት ሴል የሠራው ኢንዛይም በአሜሪካ ተፈቀደ። ካሮት የሚሠራው ኢንዛይም ማኖዙ ከመጀመሪያው በላዩ ስለሚታይ መላጥ አያስፈልገውም።

በሽተኛዋ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተቀምጣ መድኃኒቱን በደም ሥር ትወስዳለች። በወራት ውስጥ ጣፊያው ይቀንሳል፣ ደሟ ይሻሻላል። ቀድሞ የሞተ የአጥንት ክፍል ግን አይመለስም፤ በጊዜ መታወቁ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ኢንዛይሙ ከደም ወደ አንጎል መግባትም አይችልም። ስለዚህ አንጎልን የሚነካው የጎሼ ዓይነት በሕፃናት ላይ ሲመጣ ይህ ሕክምና አያድነውም። የመከማቸቱን ምንጭ የሚቀንስ እንክብልም አለ፣ ለአንዳንድ አዋቂ በሽተኞች ይሰጣል።

በሽታው የሚመጣው ልጁ ከአባትም ከእናትም የተበላሸውን ዘረመል ሲወርስ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። በአሽከናዚዎች ዘንድ ከ15 እስከ 18 ሰዎች አንዱ ተሸካሚ ነው፤ በሌሎች ሕዝቦች በጣም ያነሰ ነው፣ ግን የትም አይጠፋም። የአሽከናዚዎቹ የተለመደ ዓይነት አንጎልን አይነካም፤ አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ወርሶ እስከ እርጅናው ምንም ሳያመው ይኖራል።

ተሸካሚ የሆነ ሰው ጎሼ አይዘውም። ነገር ግን በ2004 በሃይፋ የራምባም ሐኪሞች 99 አሽከናዚ የፓርኪንሰን በሽተኞችን መርምረው ከነሱ 31 የሚሆኑት ይህን የተበላሸ ዘረመል የያዙ መሆናቸውን አሳተሙ፤ ከጤነኞቹ ጋር ሲወዳደር እጅግ ብዙ ነው። ተሸካሚዎች በብዛት ፓርኪንሰን አይዛቸውም፣ ዕድሉ ግን ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። ምክንያቱ ያላለቀ ምርምር ነው፤ የሚጠረጠረው የአንጎል ሴሎች ላይሶሶም ሲደክም ያረጀ ፕሮቲን በውስጣቸው መከማቸቱ ነው።

የልጅ ልጆቻችን ዛሬ ከሁሉም ወገን ጋር ይጋባሉ። ከመውለዳቸው በፊት የዘረመል ምርመራ ሲጠየቁ የሁለቱም አያቶች ከየት እንደመጡ መናገር አለባቸው፤ ምን መመርመር እንዳለበት የሚወሰነው በዚያ ጭምር ነውና። ስለዚህ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ የመንደራችሁንና የአውራጃችሁን ስም በትክክል ንገሯቸው።