የመስክ ክትትል ጉብኝት ሪፖርት፦ በስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ማጣሪያዎች ምሳሌነት

የመስክ ክትትል ጉብኝት ሪፖርት ማለት ባለሙያ ወይም ቡድን ሥራው ወደሚካሄድበት ቦታ ወርዶ ያየውን፣ ላየው ነገር ያገኘውን ማስረጃ፣ ከቦታው ሰዎች ጋር የተስማማበትን ቀጣይ እርምጃ እና የእያንዳንዱን እርምጃ ኃላፊ የሚመዘግብበት የሥራ ሰነድ ነው። ከዓመታዊ ሪፖርት የሚለየው ለአንድ ቦታና ለአንድ ቀን በመጻፉ ነው፤ ከኦዲት የሚለየው ደግሞ ጥፋተኛ ለመለየት ሳይሆን ሥራውን ለማስተካከል በመጻፉ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የተለመደ ሰነድ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደተቀበለውና ምን አስተያየት እንደተሰጠ ከመዘርዘር አያልፍም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ ሪፖርቱ ሥራ የሚሠራው ምልከታው ከማስረጃ፣ ማስረጃው ከእርምጃ፣ እርምጃው ከአንድ ኃላፊና ከአንድ ቀን ጋር ሳይቆራረጥ ሲያያዝ ነው። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩ ሥራዎች አንዱ ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው የመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ማጣሪያ ነው።

ዓይን የማያየው ጉድለት

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። ውሃው ካልሲየም ሲያንሰው ደግሞ ፍሎራይዱን ዝቅ አድርጎ የሚያቆየው ነገር ስለሌለ መጠኑ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርሳቸው ገና በመፈጠር ላይ ያለ ሕፃናት ይህን ውሃ ሲጠጡ ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጡት ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው ይጎዳል። ከአዳማ አጠገብ ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየቱ ችግሩን በሕክምና ጽሑፎች ዘንድ አሳወቀው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በሽታው በስምጥ ሸለቆ ምን ያህል እንደተሠራጨ አጥንተዋል።

ፍሎራይድ ቀለም፣ ሽታና በቀላሉ የሚለይ ጣዕም የለውም። ውሃውን ማፍላትም አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር እንዲያውም መጠኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቦኖው ላይ ቆሞ ጥርት ያለ ውሃ ሲወርድ ያየ ጎብኚ «ማጣሪያው በጥሩ ሁኔታ እየሠራ ነው» ብሎ ከጻፈ ያላየውን ነገር ጽፏል። ያየው ውሃው መውረዱን ብቻ ነው። ማጣሪያው መሥራቱ ገና በማስረጃ የሚረጋገጥ ጥያቄ ነው። ምልከታን ከድምዳሜ መለየት በማንኛውም የመስክ ሪፖርት ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ልዩነቱ በቀጥታ የሰው ጤና ጉዳይ ይሆናል።

ከምልከታ ወደ ማስረጃ፦ አንድ ምሳሌ

ነገሩን ለማብራራት በመቂ አካባቢ ያለች አንዲት የገጠር ቀበሌ በምሳሌነት እንውሰድ። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው። የማጣሪያው ታንከር 300 ኪሎ ግራም የአጥንት ከሰል ይይዛል። የአጥንት ከሰል የሚባለው የከብት አጥንት የአየር መጠኑ ቁጥጥር በሚደረግበት እሳት ተቃጥሎና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነገር ሲሆን፣ ፍሎራይድን እየያዘ ያስቀራል። ከሰሉ ግን የሚይዘው መጠን ውስን ነው። በአንድ ኪሎ 1.2 ግራም ይይዛል ብንል፣ 300 ኪሎው የሚይዘው 360 ግራም ነው። ውሃውን ከ8 ወደ 1.5 ለማውረድ ከእያንዳንዱ ሊትር 6.5 ሚሊግራም መያዝ ስላለበት፣ ከሰሉ 55,000 ሊትር ገደማ ካጣራ በኋላ መቀየር ይኖርበታል። ጎብኚው ይህን ስሌት ከቢሮ ሳይወጣ ሠርቶ መሄድ አለበት። ቦታው ላይ የሚያነበውን ቁጥር የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን የለውም።

ጉብኝቱ ኅዳር 10 ቀን ተደረገ እንበል። ኦፕሬተሩ ማጣሪያው እንደሚሠራ ይናገራል፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢም የቀበሌዋ 120 አባወራዎች በሙሉ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የተጣራውን ውሃ ብቻ እንደሚጠቀሙ ይገልጻሉ። ሁለቱም በሪፖርቱ የሚገቡት «ተብሏል» ተብለው፣ ከተናጋሪው የሥራ ድርሻ ጋር ነው። ቀጥሎ መዝገቡ ይታያል። ከሰሉ የተቀየረው ሰኔ 1 ቀን ነው፤ ቆጣሪው ከዚያ ወዲህ 82,000 ሊትር ማለፉን ያሳያል። በ164 ቀናት ሲካፈል በቀን 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ 82,000 ከ55,000 ስለሚበልጥ ከሰሉ ከአቅሙ በላይ አገልግሏል። ሁለተኛው፣ 120 አባወራዎች በቀን 25 ጀሪካን ከተካፈሉ ለአንድ ቤት ከአራት ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ሁሉም ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚጠቀሙት የተጣራውን ውሃ ብቻ ነው የሚለው ንግግር ከቆጣሪው ጋር አይገጥምም። ሪፖርቱ ሰብሳቢው ዋሹ አይልም፤ ሁለቱን መረጃዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በቤት ለቤት ጥያቄ ማጣራት እንደሚያስፈልግ ይጽፋል።

ሦስተኛው ማስረጃ ልኬቱ ነው። ናሙናው የሚወሰደው ከማጣሪያው በፊትና በኋላ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚጣበቅ የብርጭቆ ዕቃ አይመረጥም። በመስክ ከሚያገለግሉት የቀለም መለኪያ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚያነቡት እስከ 2 ሚሊግራም ድረስ ብቻ ነው። ናሙናው በዲስቲልድ ውሃ አምስት እጥፍ ካልተቀጠነ መሣሪያው ጣሪያው ላይ ይቆምና 8 የነበረው 2 ሆኖ ይመዘገባል። በምሳሌያችን የተቀጠነው ያልተጣራ ውሃ 1.6 አነበበ፤ በአምስት ሲባዛ 8.0 ነው። የተጣራው 0.82 አነበበ፤ ሲባዛ 4.1 ይሆናል። ሪፖርቱ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ንባቡን፣ የቅጠናውን መጠን፣ ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓትና የመሣሪያውን ዓይነት ይመዘግባል፤ ያለዚህ ቀጣዩ ጎብኚ ውጤቱን ማነጻጸር አይችልም። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን፣ ቀኑም ከስልክ ፎቶ ላይ ከሚታየው የፈረንጅ ቀን ጋር መዛመዱን ማረጋገጥ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ሳይደረግ ሲቀር ማስረጃዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ስምምነቱና ኃላፊዎቹ

በቢሮ ሆኖ የሚታሰበው የመጀመሪያ እርምጃ ማጣሪያውን መዝጋት ይሆናል። ከኮሚቴው ጋር ሲመከርበት ግን ስህተቱ ይታያል። ማጣሪያው ቢዘጋ ሕዝቡ ባለ 4.1 ሚሊግራሙን ውሃ ትቶ ባለ 8 ሚሊግራሙን ይጠጣል። ስለዚህ እርምጃው «ማጣሪያው ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ለተጠቃሚዎች ሁኔታው ይነገራል፤ ከሰሉ በአስቸኳይ ይቀየራል» የሚል ይሆናል። እርምጃ ከቦታው ሰዎች ጋር የሚወሰነው ለአክብሮት ብቻ ሳይሆን፣ ውሳኔው የሚያስከትለውን ነገር የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑም ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ቀንና አንድ ማረጋገጫ ይያዝለታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እስከ ኅዳር 12 ድረስ ለተጠቃሚዎች ያሳውቃሉ፤ ማረጋገጫው የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ነው። የወረዳው የውሃ ጥራት ባለሙያ እስከ ኅዳር 15 የከሰል ጥያቄ ያቀርባሉ፤ የወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መኪናና ከሰል እስከ ኅዳር 24 ይፈቅዳሉ። ማረጋገጫው ዕቃው ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 ነው። ኦፕሬተሩ ከሰሉ እስከ ኅዳር 26 እንዲቀየር አድርገው የቆጣሪውን ንባብ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ወዲያ 50,000 ሊትር ሲሞላ ለወረዳው ይደውላሉ። ጎብኚው የፕሮግራም ባለሙያ ታኅሣሥ 1 ቀን ተመልሰው ውሃውን ይለካሉ፤ የቤት ለቤት ጥያቄውንም ያካሂዳሉ። «ወረዳው ከኮሚቴው ጋር በመተባበር ክትትል ያደርጋል» የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ኃላፊ የለውም፤ ሁለት አካል በጋራ የተሸከመው ሥራ ሲቀር ለምን ቀረ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

በኦሮሚያ የወረዳው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ሙሉው ሪፖርት ወደ አዲስ አበባ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ቢላክም፣ የእርምጃዎቹ ገጽ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ፣ ጮክ ተብሎ ተነብቦ፣ ተፈርሞበት አንድ ቅጂ በቦታው መቅረት አለበት። ኃላፊው ሊያነበው በማይችለው ገጽ ላይ የሰፈረ ኃላፊነት ስምምነት ሊባል አይችልም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ኃላፊን በስም ወይም በሥራ ድርሻ መጥቀስ ሰዎችን ያስፈራል፣ በቀጣዩ ጉብኝትም መዝገብ ይደብቃሉ የሚል ነው። ሥጋቱ እውነት አለው። መፍትሔው ግን ኃላፊን አለመጥቀስ ሳይሆን፣ የሚጠቀሰው ላለፈው ጉድለት ሳይሆን ለሚመጣው ሥራ እንዲሆን ማድረግ ነው። በምሳሌው የከሰሉ ጊዜ ማለፍ የኦፕሬተሩ ጥፋት ተብሎ አልተጻፈም፤ ስንት ሊትር ላይ መደወል እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረምና። አሁን ግን ቁጥሩ ተሰጥቷቸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ገንዘቡ ሳይኖር ኃላፊና ቀን መጻፍ ምን ይጠቅማል ይላል። በእርግጥም የወረዳ ባለሙያ በጀት አይፈቅድም። ለዚህ ነው ሥራውን የሚሠራው ሰውና ሀብቱን የሚለቀው ሰው በሁለት የተለያዩ እርምጃዎች የሚጻፉት። ከሰሉ በቀኑ ካልደረሰ ጥያቄው ቀርቦ ነው ወይስ ሳይቀርብ የቀረው የሚለው ከሰነዱ ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ከሆነ ጉዳዩ ወደ ዞን ይሄዳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ እርምጃ በዕቅድ ዝግጅት ወቅት እንዲደርስ ቀኑ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአንድ ቀን ናሙና ብዙ አያስረዳም የሚል ነው። ልክ ነው፤ የአንድ ቀን 4.1 የዓመቱን አማካይ አይናገርም። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የተመሠረተው የቆጣሪ ስሌትና ልኬቱ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ወደ አንድ ድምዳሜ ሲያመሩ ከሰሉን ለመቀየር በቂ ነው። ስለ ሕዝቡ ጤና ለመደምደም ግን በቂ አይደለም፤ ጥሩ ሪፖርትም ይህን ወሰን በግልጽ ይጽፋል።

ከዚህ የሚከተለው የሪፖርቱ መመዘኛ የገጹ ብዛት ወይም የፎቶው ቁጥር አይሆንም። ታኅሣሥ 1 ቀን ወደ ቀበሌዋ የሚሄደው ሌላ ባለሙያ ቢሆንና በእጁ ያለው ይህ ሰነድ ብቻ ቢሆን፣ የትኛውን ቧንቧ እንደሚለካ፣ የትኛውን መዝገብ እንደሚከፍት፣ ማንን ስለ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ይህን ካወቀ ሪፖርቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ካላወቀ ክትትሉ ከዜሮ ይጀመራል።